ሞዛርት ከምን ጋር ተወዳደረ?

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጥቅምት 1993 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ ገጽ ብቻ የያዘ አጭር የጥናት ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ይሠሩ የነበሩት ፍራንሴስ ራውሸር፣ ጎርደን ሾው እና ካትሪን ካይ ናቸው። ጽሑፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሞዛርትን የፒያኖ ሙዚቃ ለ10 ደቂቃ ካዳመጡ በኋላ በአንድ ዓይነት የአእምሮ ፈተና የተሻለ ነጥብ አምጥተዋል ይላል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ የጆርጂያ ግዛት ገዥ ዜል ሚለር በግዛቱ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ ወይም ካሴት እንዲታደል 105 ሺህ ዶላር በጀት ጠየቁ። በዚያው ዓመት ፍሎሪዳ በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፉ የሕፃናት ማቆያዎች በየቀኑ ክላሲካል ሙዚቃ እንዲያሰሙ ሕግ አወጣች። “የሞዛርት ውጤት” የሚለው ስም የመጽሐፍ ርዕስ ሆነ፤ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ የሚሸጡ የሙዚቃ ካሴቶችም ገበያውን ሞሉት።

በጥናቱ ውስጥ ግን አንድም ሕፃን አልነበረም። የተሳተፉት 36 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ።

ይህ ታሪክ ሥነ ልቦና በሚማሩ ተማሪዎች ፈተና ላይ ደጋግሞ የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ተለዋዋጭ ምንድን ነው፣ ማነጻጸሪያ ቡድን ለምን ያስፈልጋል፣ የአንድ ጥናት ድምዳሜ እስከ የት ድረስ ያስኬዳል የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ እዚህ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ጥናቱ የውሸት አልነበረም። አጥኚዎቹም ቁጥር አልፈጠሩም። ነገሩ የተበላሸው ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በተተረጎመበት መንገድ ነው፤ የትርጓሜው ስንጥቅ ደግሞ ከጅምሩ በጥናቱ አሠራር ውስጥ ይታይ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ሦስት ሁኔታዎችን በየተራ አለፈ። በአንደኛው ሞዛርት ለሁለት ፒያኖ የጻፈውንና በሙዚቀኞች ዘንድ “ኬ 448” እየተባለ የሚጠራውን ሶናታ ለ10 ደቂቃ ሰማ። በሌላው ሰውነትን ዘና ለማድረግ የተዘጋጀ የድምፅ መመሪያ አዳመጠ። በሦስተኛው ለ10 ደቂቃ በዝምታ ተቀመጠ። ከእያንዳንዱ በኋላ ስታንፎርድ ቢኔ ከሚባለው የታወቀ የአይ ኪው መለኪያ የተወሰደ፣ ቅርፅን በሐሳብ የማገላበጥ ችሎታን የሚለካ ፈተና ተሰጠው። ውጤቱ ወደ አይ ኪው ነጥብ ሲለወጥ አማካዩ ከሞዛርት በኋላ 119፣ ከመዝናኛው መመሪያ በኋላ 111፣ ከዝምታው በኋላ 110 ሆነ።

እዚህ ላይ የፈተና ወረቀት “ነፃ ተለዋዋጩ የቱ ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ነፃ ተለዋዋጭ የሚባለው አጥኚው ሆን ብሎ የሚለዋውጠው ነገር ነው፤ በዚህ ጥናት ተማሪው በ10 ደቂቃው ውስጥ ያዳመጠው ነው። ጥገኛ ተለዋዋጭ ደግሞ ለውጡን ተከትሎ የሚለካው ሲሆን፣ እዚህ የቅርፅ ፈተናው ነጥብ ነው። ብዙ ተማሪ ይህንን ይመልሳል። የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። ብዙዎች ነፃ ተለዋዋጩ “ሞዛርት” ነው ይላሉ፤ ሞዛርት ግን ከሦስቱ ሁኔታዎች አንዱ ብቻ ነው። ብቻውን የቆመ ሁኔታ ምንም አይናገርም። የ119 ትርጉም የሚታወቀው 110ን ያመጣው ማን ወይም ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

ጥገኛ ተለዋዋጩንም ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ከፈተናዎቹ አንዱ ወረቀት ማጠፍና መቁረጥ ነው። ተፈታኙ አንድ አራት ማዕዘን ወረቀት ለሁለት ታጥፎ፣ እንደገና ለሁለት ታጥፎ፣ ከዚያ አንድ ጥጉ በመቀስ ተቆርጦ በሥዕል ይታየዋል። ወረቀቱ ቢዘረጋ ምን ይመስላል? የተቆረጠው ጥግ እጥፋቶቹ የተገናኙበት ከሆነ መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ይታያል፤ የወረቀቱ ነፃ ጠርዞች የተገናኙበት ከሆነ ደግሞ አራቱም ማዕዘኖች ተቆርጠው ይገኛሉ። ተፈታኙ ወረቀቱን በእጁ ሳይነካ በሐሳቡ ዘርግቶ ትክክለኛውን ሥዕል ይመርጣል። ይህ እውነተኛ ችሎታ ነው። ነገር ግን የቃላት ዕውቀትን፣ የሒሳብ ስሌትን፣ ትውስታን አይለካም። ነጥቡ በአይ ኪው መልክ ስለተጻፈ ብቻ ጋዜጦች “ሞዛርት የማሰብ ችሎታን በዘጠኝ ነጥብ ያሳድጋል” ብለው ጻፉ። አንድ መለኪያ ይለካል የተባለውን ነገር በእርግጥ መለካቱ ተገቢነት ይባላል። ወረቀት የማጠፍ ፈተና ለቅርፅ ምናብ ተገቢ መለኪያ ነው፤ “ብልህነት” ለሚባለው ሰፊ ነገር ግን አይደለም። ራውሸር ራሳቸው ኋላ ላይ ይህንኑ በጽሑፍ አሳስበዋል፤ አጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ይጨምራል ብለው እንዳላሉ ገልጸዋል።

የጥናቱ ዋና ድካም ያለው ግን ማነጻጸሪያው ላይ ነው።

ማነጻጸሪያ ሁኔታ ወይም ማነጻጸሪያ ቡድን የሚፈለገው ከሚጠናው ነገር በስተቀር ሌላው ሁሉ እኩል እንዲሆን ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ፣ ልዩነቱን ያመጣው ያ ነገር ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ሞዛርትን ከማዳመጥና በዝምታ ከመቀመጥ መካከል ያለው ልዩነት ሞዛርት ብቻ ነው? የ20 ዓመት ወጣት ባዶ ክፍል ውስጥ ምንም ሳይሠራ 10 ደቂቃ ሲቀመጥ ይሰለቻል፤ ዓይኑ ይከብዳል፤ ሐሳቡ ይበተናል። የመዝናኛ መመሪያውማ ተብሎ የተዘጋጀው ሰውነትን ለማላላት፣ ንቃትን ዝቅ ለማድረግ ነው። ሶናታው በአንጻሩ ፈጣን፣ ደማቅና ደስ የሚል ነው። ስለዚህ ከዜማው ጋር አብሮ የተለዋወጠ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ንቃትና ስሜት ነው። በጥናት አሠራር እንዲህ ከነፃ ተለዋዋጩ ጋር ተጣብቆ የሚሄድ፣ ውጤቱን ሊያመጣ የሚችል ነገር ጣልቃ ገብ ተለዋዋጭ ይባላል። እሱ ካልተለየ ምክንያቱ የቱ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ችግሩ የባሰ የሚሆነው ልዩነቱ አቅጣጫ ስለሌለው ነው። በ119 እና በ110 መካከል ያሉት ዘጠኝ ነጥቦች ሞዛርት ከፍ ያደረጋቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዝምታና መሰላቸት ዝቅ ያደረጋቸውም ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ቁመታቸው ሲለካ አንዱ የቆመው ጉድጓድ ውስጥ ከሆነ፣ ልዩነቱ የረጅሙን ሰው ቁመት አይነግረንም። ዝምታ “ምንም ያልተደረገበት” ሁኔታ ይመስላል እንጂ ለተሳታፊው የራሱ ተጽዕኖ ያለው ሁኔታ ነው። ይህን ልብ ማለት ከየትኛውም የቃል ትርጉም ይበልጣል፤ በሥነ ልቦና ጥናት ውስጥ ከሚገኙ ስህተቶች ብዙዎቹ የሚወለዱት “ምንም” ተብሎ ከተመረጠ ማነጻጸሪያ ነውና።

እንግዲህ ጥርጣሬው በቃል ብቻ ከቀረ አይጠቅምም፤ መፈተን አለበት። ካናዳ ውስጥ ክሪስቲን ናንታይስና ግሌን ሼለንበርግ ያደረጉትና በ1999 የታተመው ሙከራ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በመጀመሪያ የሞዛርትን ቦታ ለሹበርት ሰጡ። የሹበርትን ሙዚቃ የሰሙትም በዝምታ ከተቀመጡት በልጠው ተገኙ። ስለዚህ ነገሩ የሞዛርት ብቻ አልነበረም። ቀጥለው ሙዚቃውን ራሱን ከንጽጽሩ አወጡት። ዝምታውን ትተው በምትኩ በካሴት የተነበበ የስቲቨን ኪንግ አጭር ልብ ወለድ አሰሙ። አሁን በሞዛርትና በታሪኩ መካከል በጥቅሉ ልዩነት ጠፋ። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ የትኛውን እንደወደዱ ተጠይቀው ነበርና መልሳቸው ሲታይ ነገሩ ገሃድ ወጣ፤ ሞዛርትን የወደዱት ከሞዛርት በኋላ፣ ታሪኩን የወደዱት ከታሪኩ በኋላ የተሻለ ነጥብ አምጥተዋል። አንድም ኖታ የሌለበት ልብ ወለድ ያንኑ ውጤት ካመጣ፣ የሞዛርት ዜማ በአንጎል ውስጥ የተለየ በር ይከፍታል የሚለው ማብራሪያ ሊቆም አይችልም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዊልያም ቶምፕሰን፣ ሼለንበርግና ገብርኤላ ሁሴን ሌላ ጥያቄ አነሱ፤ ሙዚቃ ሁሉ ይሠራል ወይ? የሞዛርትን ደማቅ ሶናታ ከአልቢኖኒ ዝግ ያለና ሐዘን የተሞላ አዳጅዮ ጋር አነጻጸሩ፤ ሁለቱንም ከዝምታ ጋር። ሞዛርትን የሰሙት ከዝምታው በልጠው ወረቀቱን አጠፉ፤ አልቢኖኒን የሰሙት ግን አልበለጡም። አጥኚዎቹ በዚህ ብቻ አላቆሙም። የተሳታፊዎቹን ንቃትና ስሜት በመጠይቅ ለክተው ስለነበር፣ በስሌት ውስጥ እነዚህን እኩል አድርገው ሲያዩ የሞዛርት ብልጫ ጠፋ። በ1993ቱ ጥናት ውስጥ ተደብቆ የነበረው ጣልቃ ገብ ተለዋዋጭ እዚህ ላይ ተለክቶ ወጣ። ሥራው የሚያስደስተው ለዚህ ነው፤ ተቺ ሁሉ “ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል” ማለት ይችላል፤ ያን ምክንያት ራሱን ለክቶ ማሳየት ግን ሌላ ድካም ይጠይቃል።

በመሐሉ ጥናቱን እንዳለ ለመድገም የሞከሩም ነበሩ። በሰሜን ካሮላይና አፓላቺያን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬኔት ስቲልና ባልደረቦቻቸው በ1999 ባሳተሙት ሙከራ ሞዛርትን፣ ዝምታንና የፊሊፕ ግላስን ሙዚቃ አነጻጽረው ብልጫውን አላገኙትም። በዚያው ዓመት ክሪስቶፈር ቻብሪስ እስከዚያ የተሠሩትን 16 ጥናቶች አንድ ላይ ሲደምሩ፣ ከዝምታ ጋር ሲወዳደር የነበረው ዘጠኝ ነጥብ ሁለት እንኳ ወደማይሞላ ነጥብ ወረደ።

አንባቢ እዚህ ላይ “ታዲያ አንዱ አግኝቶ ሌላው ለምን አጣው?” ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። 36 ሰው ጥቂት ነው። በጥቂት ሰው ላይ የዕጣ ፈንታ መዋዠቅ ከፍተኛ ነው፤ ሦስት አራት ተማሪዎች በአንድ ቀን እንቅልፍ አጥተው ቢመጡ አማካዩ ይንቀሳቀሳል። እርግጥ የ1993ቱ ጥናት እያንዳንዱን ተማሪ ከራሱ ጋር ማነጻጸሩ ጥሩ ጎኑ ነበር፤ ጎበዝ ተማሪዎች በአጋጣሚ አንድ ቡድን ውስጥ ይከማቻሉ የሚለው ስጋት በዚህ ይቀራል። ግን ይህም አሠራር የራሱ ጣጣ አለው። ሦስተኛውን ፈተና የሚወስድ ተማሪ የመጀመሪያውን ሲወስድ ያልነበረው ልምድ አለው፤ ወይም ደክሞታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከሰው ሰው መፈራረቅ አለበት። ከዚህ ሌላ ማንም ሰው ሞዛርት እየሰማ መሆኑን ሳያውቅ ሊሰማ አይችልም። በመድኃኒት ጥናት እውነተኛውን ክኒን ከሚመስል ባዶ ክኒን ጋር ማወዳደር ይቻላል፤ ለሙዚቃ ግን እንዲህ ያለ ባዶ ክኒን የለም። ለዚህ ነው እንደ ስቲቨን ኪንግ ታሪክ ያለ፣ እኩል የሚስብ ማነጻጸሪያ ማግኘት ብልሃት የሚጠይቀው።

ሰዎችን በቡድን መክፈል በሚያስፈልግበት ጊዜ ደግሞ አከፋፈሉ ወሳኝ ነው። አንድ መምህር በ7ኛ “ሀ” ክፍል ከፈተና በፊት ሙዚቃ አሰምቶ፣ በ7ኛ “ለ” ሳያሰማ ቢቀር፣ ከዚያ “ሀ” ቢበልጥ፣ ምን አወቀ? ሁለቱ ክፍሎች ከመጀመሪያው ላይመሳሰሉ ይችላሉ። አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት ተፈትኖ ይሆናል። መልሱ የሁለቱንም ክፍል ተማሪዎች ስም አንድ ላይ ደባልቆ በዕጣ መመደብ ነው። ዕጣ ተማሪዎችን አንድ ዓይነት አያደርጋቸውም፤ ነገር ግን የሚታወቀውንም የማይታወቀውንም ልዩነት ወደ ሁለቱም ወገን ያለ አድልዎ ይበትነዋል። መምህሩ ይህን ካደረገና ውጤቱ ከተለያየ፣ ልዩነቱን ያመጣው ሙዚቃው ነው ለማለት መሠረት ይኖረዋል። ይህ ውስጣዊ ተገቢነት ይባላል፤ በዚያ ክፍል፣ በእነዚያ ልጆች ላይ ምክንያቱ በትክክል ተለይቷል ማለት ነው።

ውጫዊ ተገቢነት ሌላ ጥያቄ ነው። የተገኘው ነገር ለሌላ ሰው፣ ለሌላ ቦታ፣ ለሌላ ጊዜ ይሠራል ወይ? የጆርጂያው በጀት የወደቀው እዚህ ላይ ነው። የ1993ቱ ጽሑፍ ራሱ ብልጫው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በላይ እንዳልቆየ ጽፏል። ከወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ አራስ፣ ከ15 ደቂቃ ወደ ዕድሜ ልክ፣ ወረቀት ከማጠፍ ወደ ብልህነት የተደረጉት ሦስቱ ዝላዮች በጥናቱ ውስጥ ምንም ድጋፍ አልነበራቸውም። ጥናቱ እንከን የሌለው ቢሆን ኖሮ እንኳ አይደግፋቸውም ነበር። ይህን መለየት የሚገባው ለዚህ ነው፤ አሠራሩ የተበላሸ ጥናት አለ፤ አሠራሩ ደህና ሆኖ ካጠናው ነገር ውጭ የተጎተተም አለ። የሞዛርት ታሪክ ሁለቱንም ደርቦ ይዟል።

በልጆች ላይ የተሠራ ትልቅ ሙከራም አለ። ሱዛን ሃላም ከቢቢሲ ጋር ሆነው በብሪታንያ 8 ሺህ የሚያህሉ የ10 እና የ11 ዓመት ተማሪዎችን በሦስት ከፍለው ለአንዱ ሞዛርትን፣ ለሌላው በጊዜው የታወቁ የፖፕ ዘፈኖችን፣ ለሦስተኛው ስለ ሙከራው የሚያስረዳ ንግግር አሰሙ። በ2005 ሼለንበርግና ሃላም ያሳተሙት ትንታኔ እንዳሳየው፣ ወረቀት በማጠፍ ፈተና የተሻሉት ብለር የተባለውን የእንግሊዝ ባንድና የመሳሰሉትን የሰሙት ልጆች ነበሩ። ንቃትና ደስታ ነው የሚሠራው ለሚለው ማብራሪያ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ የ10 ዓመት ልጅን የሚያነቃቃው የራሱ ዘመን ዘፈን ነውና።

በ2010 የቪየና ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች፣ በሞዛርት አገር፣ ወደ 40 የሚጠጉ ጥናቶችን ሰብስበው መዘኑ። ሞዛርት ከዝምታ ይበልጣል፤ በመጠኑ። ሌላ ሙዚቃም ከዝምታ ይበልጣል፤ በዚያው በመጠኑ ልክ። በተጨማሪም ከመጀመሪያው የአጥኚዎች ቡድን ጋር ከተያያዙ ቤተ ሙከራዎች የወጡት ቁጥሮች ከሌሎቹ ከፍ ያሉ ሆነው ተገኝተዋል። አንድ ግኝት ከተገኘበት ቤት ውጭ ሲወጣ የሚሳሳ ከሆነ መጠንቀቅ ይገባል።

ሙዚቃ መስማት ይህን ያህል ከሆነ፣ ሙዚቃ መማርስ? ይህ የተለየ ነፃ ተለዋዋጭ ነው፤ የራሱን ጥናት ይፈልጋል። ሼለንበርግ በ2004 ያሳተሙት ሥራ ጥሩ ማነጻጸሪያ ምን ያህል እንደሚጠቅም በግልጽ ያሳያል። በቶሮንቶ 144 የስድስት ዓመት ልጆች በዕጣ በአራት ተመደቡ፤ አንዱ ቡድን ኪቦርድ፣ አንዱ ድምፅ፣ አንዱ ድራማ ተማረ፤ አራተኛው ለዚያ ዓመት ምንም ተጨማሪ ትምህርት አልተሰጠውም። ከዓመት በኋላ ሙዚቃ የተማሩት ልጆች አይ ኪው በአማካይ 7 ነጥብ ጨመረ። ማነጻጸሪያ ባይኖር ኖሮ ወሬው “ሙዚቃ 7 ነጥብ ይጨምራል” ይሆን ነበር። ሙዚቃ ያልተማሩት ልጆችም ግን 4.3 ጨምረዋል፤ ሁሉም ያን ዓመት ትምህርት ቤት ገብተዋልና። የሙዚቃው ድርሻ ሊሆን የሚችለው ሦስት እንኳ የማይሞላው ልዩነት ነው። የድራማው ቡድን የተጨመረው ደግሞ ከአስተማሪ ጋር ተጨማሪ ሰዓት ማሳለፍ ብቻውን ይበቃ እንደሆነ ለማየት ነበር፤ እነዚያ ልጆች በአይ ኪው ሳይሆን ከሰው ጋር በመግባባት ተሻሽለው ተገኙ። በ2013 ሳሙኤል ሜርና ባልደረቦቻቸው በሃርቫርድ ከዚህ ባነሱ፣ የአራት ዓመት ሕፃናት ላይ ባደረጉት በዕጣ የተመደበ ሙከራ ግን አጭር የሙዚቃ ትምህርት አስተማማኝ ጥቅም አላሳየም።

ልጁን ሙዚቃ ቤት መላክ የፈለገ ወላጅ ልጁ ሙዚቃ ስለሚወድ ይላከው። “አእምሮን እንደሚያሳድግ በጥናት ተረጋግጧል” ብሎ ሙዚቃም ሆነ የቪታሚን ሽሮፕ ወይም የክረምት ኮርስ የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ግን አንባቢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሻጩን ይጠይቀው፤ ያልወሰዱት ልጆች በዚያው ጊዜ ምን ያህል አደጉ?